«ይታሰብበት» ውሳኔ አይደለም

ሞጣ ከተማ ውስጥ በመምህርነት ሳገለግል የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የመያዝ ሥራ ለዓመታት እኔ ላይ ወድቋል። ከስብሰባ ስወጣ እጄ ላይ የሚቀረው በጥድፊያ የተጫረ ወረቀት ነው፤ ግማሹ በስም መቆጣጠሪያ ጀርባ ላይ፣ ግማሹ በቀስት ተያይዞ።

በዚያው ቀን ማታ እቀመጣለሁ። ካደረ «መ/ር እገሌ፣ አይሆንም» የሚል መስመር አገኝና ምኑ እንደማይሆን ይጠፋኛል። መጀመሪያ አልጽፍም፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ በየመስመሩ ዳር የአጀንዳውን ቁጥር አኖራለሁ። ሰው የሚናገረው በአጀንዳ ቅደም ተከተል አይደለምና። ባለፈው ስብሰባ 1ኛው አጀንዳ የ8ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት፣ 2ኛው የመጻሕፍት አመላለስ ነበር። ስለ መጻሕፍቱ ስንነጋገር አንዲት መምህርት ተነሥተው «የቅዳሜው ሰዓት ከገጠር በእግር ለሚመጡት ይከብዳል» አሉ። ሐሳቡ የተነገረው በ2ኛው ላይ ቢሆንም ቦታው 1ኛው ነው፤ ቀዩ ቁጥር ወደዚያ ይመልሰዋል።

ቀጥሎ ሐሳብ ለሆነው «ሐ»፣ ለውሳኔ «ው» አደርጋለሁ። ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አምስት ሰው የደገፈው ሐሳብ ውሳኔ ይመስላል፤ ሰብሳቢው «ይታሰብበት» ብለው ካለፉት ግን አልተወሰነም። በውሳኔ ሥር ብጽፈው ስብሰባው ያላለውን አስባልሁት ማለት ነው። ስለዚህ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» ብዬ በራሱ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

የማጠናከሪያው ጉዳይ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

1. የ8ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት
1.1 ውይይት፦ ትምህርቱ ቅዳሜ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ሰዓቱ ከሩቅ ለሚመጡ ተማሪዎች እንደሚከብድ ተነሥቷል።
1.2 ውሳኔ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 6፡00 እንዲሰጥ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።
1.3 ፈጻሚ፦ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ፕሮግራሙን ያወጣል።

ማስታወሻዬ ላይ ፕሮግራሙ እስከ መቼ እንደሚወጣ አልነበረም። «እስከ ዓርብ» ብዬ መሙላት ይቀለኝ ነበር፤ ግን ያንን የወሰነ የለም። ሰብሳቢውን ጠየቅሁ፤ ቀኑ አለመነሣቱን አረጋገጡልኝና ክፍተቱ ለቀጣዩ ስብሰባ ተያዘ።

ክፍተትን ዝም ብሎ አለማለፍን የተማርሁት በጥፋት ነው። አንድ ጊዜ «ኮሚቴው ያስፈጽማል» ብዬ የትኛው ኮሚቴ እንደሆነ ሳልጽፍ ተፈራረምን። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሁሉም ሌላውን ይጠብቅ ነበር፤ ሥራው አልተሠራም። ከዚያ ወዲህ ፈጻሚ የሌለው ውሳኔ ሲገጥመኝ ስብሰባው ሳይበተን እጄን አነሣለሁ።

የንግግሩን ቃላት ሁሉ አልጽፍም፤ ማን ምን እንዳለም የማስቀምጠው ተናጋሪው የልዩነት ሐሳቡ በስሙ እንዲያዝለት ሲጠይቅ ብቻ ነው። የስብሰባውን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተገኙትንና የቀሩትን ግን ከላይ ሳላሟላ ለፊርማ አላቀርብም።

ቃለ ጉባኤ ሲዞርላችሁ ብዙዎቻችሁ የፊርማውን ቦታ ብቻ ትፈልጋላችሁ። ጊዜ ከሌላችሁ «ውሳኔ» የሚለውን ቁጥር ብቻ እንኳ አንብባችሁ ፈርሙ።