ሁለት ኑኖች፣ አንድ ስም፦ አጁሩሚያ ስለ ሙሠና የሚለውና የሚተወው

የፌዙ ሊቅ ኢብን አጁሩም በ723 ዓመተ ሂጅራ (በ1323 እ.ኤ.አ.) ሲያርፉ በጣት በሚቆጠሩ ገጾች የሚያልቅ አንዲት መትን ትተው ሄዱ። አጁሩሚያ ትባላለች። በሀገራችንም ነሕው የሚጀምር ደረሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛት እሷን ነው፤ በቃሉ ያጠናታል፣ ሸይኹ ያብራሩለታል፣ ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ኪታቦች ይሻገራል። እኔም በዚያው መንገድ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በኋላ ተመልሼ ሳነባት አንድ ቦታ ላይ በጣም ጠንቃቃ፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ቆጣቢ ሆና አገኘኋት። ሁለቱም የሚታዩት በሙሠና፣ ማለትም ሁለትን ብቻ በሚያመለክተው ቅርጽ ላይ ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ሙሠና እንግዳ ነው። እኛ «ሁለት ተማሪ» ብለን በቁጥሩ እንጨርሳለን። በግዕዝም ቢሆን «ክልኤ» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ የጥንቱ ሁለትነት ቅሪት አለ ከመባሉ በቀር ሕያው ሥርዓት አልቀረም። ዐረብኛ ግን ጣሊብ (ተማሪ) የሚለውን ቃል ሁለት ሲያደርገው መጨረሻውን ይለውጠዋል። ቃሉ የድርጊቱ ባለቤት ሲሆን፣ ማለትም በረፍዕ፣ ጣሊባኒ ይሆናል። ተሳቢ ሲሆን (ነስብ)፣ ወይም ከመስተዋድድ በኋላ ሲመጣና ዘርፍ ሲሆን (ኸፍድ)፣ ጣሊበይኒ ይሆናል። ሦስት ሙያ፣ ሁለት ቅርጽ።

አጁሩሚያ ይህንን የምታስተምረው በምልክት ቆጠራ ነው። የረፍዕ ምልክቶች አራት ናቸው፤ ደማ፣ ዋው፣ አሊፍና ኑን። አሊፍን ስትደርስ በሁለትነት ላይ ያሉ ስሞች ምልክት መሆኑን ትናገርና «በተለይ» የሚል ቃል ትጨምራለች። ይህ ቃል ተማሪው ሳያስተውለው የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን የመጽሐፉን ጥንቃቄ የሚመሰክር ነው። አሊፍ በግሥም ላይ ስለሚገኝ ነው። የክቱባኒ (ሁለቱ ይጽፋሉ) ሲባል መካከል ላይ ያለው አሊፍ የረፍዕ ምልክት አይደለም፤ «እነሱ ሁለቱ» የሚል ተውላጠ ስም፣ ራሱ ባለቤቱ ነው። የግሡ የረፍዕ ምልክት ከአሊፉ በኋላ የሚመጣው ኑን ነው። እንግዲህ ያቺ አንዲት ቃል ሁለቱን አሊፎች ለይታ አስቀምጣለች።

በኑን ላይ ግን ያው ጥንቃቄ አልተደገመም። መትኑ የግሡን ኑን ደጋግሞ ያነሳዋል፤ በረፍዕ መኖሩን፣ በነስብና በጀዝም መውደቁን። የስሙን ኑን ግን አንድም ጊዜ አያነሳውም። ሙሠና በአሊፍ ይረፋል፣ በያእ ይነሰባል፣ ይኸፈዳልም ብሎ ያልፋል። የጣሊባኒ መጨረሻ ላይ ያለው «ኒ» ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቀርና መቼ እንደሚሄድ ተማሪው ከመጽሐፉ አያገኝም።

ችግሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። «የትምህርት ቤቱ ሁለት ተማሪዎች መጡ፤ አልጻፉምም» ለማለት «ሐደረ ጣሊባ-ል-መድረሰቲ ወለም የክቱባ» እንላለን። ሁለት ኑኖች ወድቀዋል፤ ጣሊባኒ ጣሊባ ሆኗል፣ የክቱባኒም የክቱባ። እኔ በደረሳነቴ ለሁለቱም አንድ መልስ ነበረኝ፤ «ኑን ወድቋል፣ መጅዙም ነው»። ስም ጀዝም እንደማይገባው በቃሌ እየወጣሁ፣ የማውቀው የኑን መውደቅ የግሡን ብቻ ስለነበር እሱኑ ስሙ ላይ ለጠፍኩት።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። በየክቱባ ላይ የኑኑ መጉደል ራሱ ምልክቱ ነው፤ «ለም» ግሡን ስለጀዘመችው ወደቀ። «ለን የክቱባ» (አይጽፉም) ቢባልም ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ግን መጉደሉ የነስብ ምልክት ነው። በጣሊባ ላይ ደግሞ የኑኑ መውደቅ ሙያውን አልነካውም። ቃሉ አሁንም መርፉዕ ነው፣ ምልክቱም አሊፉ እዚያው አለ። ኑኑን ያስወጣው ኢዳፋ ነው፤ «መድረሳ» ዘርፍ ሆና ተያያዘችው። መለያውም ቀላል ነው። ዘርፉን ቢያነሱት ጣሊባኒ ይመለሳል፤ «ለም»ን ቢያነሱት የክቱባኒ ይመለሳል።

ኢዳፋ ኑኑን የሚያስወጣው ለምንድን ነው? ፍንጩን አጁሩሚያ ራሷ ሳታብራራ አስቀምጣዋለች። ገና ስትጀምር ተንዊን፣ ማለትም በቃል መጨረሻ የሚሰማው የ«ን» ድምፅ፣ የስም መለያ ነው ትላለች። ወደ መጨረሻዋ ደግሞ የኢዳፋ ምሳሌዋ «ጉላሙ ዘይዲን» ነው፤ የዘይድ ብላቴና። ለብቻው ሲቆም ጉላሙን የነበረው ጉላሙ ሆነ። ተንዊን ቃሉ እዚህ ላይ አለቀ የሚል ማኅተም ነው፤ ኢዳፋ ደግሞ ገና አላለቀም፣ ቀሪው ይከተላል ይላል። ሁለቱ በአንድ ቃል ላይ አብረው አይቆሙም። ሊቃውንቱ የሙሠና ኑን በነጠላው ተንዊን ፈንታ የገባ ነው የሚሉት ለዚህ ነው፤ ጉላማኒ «ጉላማ ዘይዲን» የሚሆነው ጉላሙን «ጉላሙ ዘይዲን» በሆነበት ምክንያት ነው። በግዕዝ ቤት «ቤተ ንጉሥ» ሲሆን የቃሉ መጨረሻ ለዘርፉ እንደሚለወጥ ያስታውሳል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው።

ይህ ማብራሪያ አንድ ጥያቄ ይቀርበታል። ተንዊን በ«አል» ፊትም ይወድቃል፤ አጥ-ጣሊቡ እንጂ አጥ-ጣሊቡን አይባልም። የሙሠናው ኑን ግን በ«አል» አይሄድም፤ አጥ-ጣሊባኒ ይባላል። ኑኑ የተንዊን ምትክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህም በወደቀ። ከሲበወይህ ጀምሮ ኑኑ የተንዊንም የሐረካም ምትክ ነው መባሉ ይህን ይመልሳል፤ «አል» ተንዊንን እንጂ ሐረካን አያባርርምና። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የማኅተሙ ነገር ነው። «አል» ከፊት ስለሚገባ ከቃሉ መጨረሻ በኋላ ቀሪ አያስከትልም፤ ኢዳፋ ግን በመጨረሻው ላይ ሌላ ቃል ያስቀምጣል።

ሌላው የመትኑ ቁጠባ በንባብ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ያእን ለሙሠናም ለብዙ ቁጥርም ምልክት ስታደርግ ከያኡ በፊት ያለውን አናባቢ አትነግረንም። ሙዐሊመይኒ (ሁለት መምህራን) እና ሙዐሊሚነ (መምህራን) ያለ ሐረካ ሲጻፉ አንድ ናቸው። በኢዳፋ ኑኑ ሲሄድ ደግሞ አንዱ መለያ ይጠፋል፤ የሙሠናው ኑን በከስራ፣ የብዙው በፈትሓ ይነበብ ነበርና። የቀረው «መይ» ወይስ «ሚ» የሚለው ብቻ ነው። በረፍዕ ላይ ያለው ከዚህም ይከፋል። ጣሊባ ከ«አል» ጋር ሲገናኝ አሊፉ በአፍ ያጥርና «ጣሊበ-ል-መድረሰቲ» ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከነጠላው ተሳቢ ጋር በጆሮ አይለይም። መለየት የሚቻለው ጽሑፉን አይቶ ነው፤ አለዚያ ቀሪው ዓረፍተ ነገር መንገር አለበት፤ እንደ ምሳሌያችን «የክቱባ»።

ሙሕይዲን ዐብዱልሐሚድ በአጁሩሚያ ላይ የጻፉት ቱሕፈቱ-ስ-ሰኒያ የሙሠናውን ኑን የተንዊን ምትክ መሆኑን ይናገራል፤ የኢብን ማሊክ አልፊያም የኢዳፋን ምዕራፍ የሚከፍተው ኑንና ተንዊን እንዲወድቁ በማዘዝ ነው። ደረሳው ግን አልፊያ ላይ እስኪደርስ ዓመታት ያልፋሉ፤ እስከዚያ የሚያነበው ሁሉ በወደቁ ኑኖች የተሞላ ነው። ኢብን አጁሩም ከ«ጉላሙ ዘይዲን» አጠገብ «ጉላማ ዘይዲን» ብለው ቢጨምሩ መትኗ በሁለት ቃል ብቻ በረዘመች ነበር።