ከአሸተን በስንት ሰዓት ይለጠፍ?

ጥሩ የልጥፍ ሰሌዳ ሲያዩት ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። በደብተር ገጽ ላይ የተሰመሩ አምስት ዓምዶች ናቸው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የተለጠፈው ነገር ዓይነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተገኘ እይታ፣ እና ማስታወሻ። የሠሪው ብልሃት የሚታየው በምን አኳኋን እንደተሞላ ሲመረመር ነው።

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም እንግዳ የሚመራ አንድ አስጎብኚ እናስብ። ገዳሟ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እንግዶች በእግር ወይም በበቅሎ ጠዋት ይወጣሉ፣ ቀሳውስቱ መስቀሎቹንና የብራና መጻሕፍቱን ያሳዩአቸዋል፣ ከሰዓት ይወርዳሉ። አስጎብኚው በመንገድ ላይ ያነሳውን ፎቶ በቴሌግራም ቻናሉ ይለጥፋል። በስንት ሰዓት ይለጥፍ?

በየድረ ገጹ የሚዞረው ምክር «ማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ» ይለዋል። ይህ ምክር ሌላ አገር፣ ሌላ ዓይነት ሥራ ካላቸው ገጾች ተደምሮ የወጣ አማካይ ነው፤ የላስታ ሰው መቼ ስልኩን እንደሚያነሳ የሚያውቀው ነገር የለም። ለኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ 9 ሰዓት ሲል የሱ 9 የኛ 3 ሰዓት ጠዋት ነው። ይህን ሳያስተውል ምክሩን ተከትሎ ከሰዓት በኋላ የሚለጥፍ ሰው ምክሩን እንኳ በትክክል አልሞከረም።

ቴሌግራም በቂ ተከታይ ላለው ቻናል የስታቲስቲክስ ገጽ ይከፍታል። እዚያ ውስጥ Views by hours የሚለው ግራፍ በየሰዓቱ የታየውን ብዛት ያሳያል፤ ሰዓቱ ግን የኢትዮጵያ ሳይሆን UTC ነው። ማስላቱ ቀላል ነው። የኛ ቀጠና ከUTC 3 ሰዓት ይቀድማል፣ የኛ አቆጣጠር ደግሞ 6 ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከግራፉ ቁጥር 3 መቀነስ ይበቃል። 17 የሚለው 14 ይሆናል፣ 12 ሲነሳለት ከምሽቱ 2 ሰዓት። 4 የሚለው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። 3 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ሲመጣ ግን በቅድሚያ 12 ይጨመርለታል።

የአስጎብኚያችን ግራፍ ሁለት ጉብታ አለው እንበል፦ አንዱ 17 ላይ፣ ሌላው 2 ላይ። የመጀመሪያውን አይቶ «ሰዎቼ ማታ 2 ሰዓት ላይ ናቸው» ማለት ያምራል። ነገር ግን እስከዛሬ ሁልጊዜ የለጠፈው ማታ 2 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ግራፉ የሚያሳየው የተከታዮቹን ልማድ ሳይሆን የራሱን ነው፤ ልጥፍ ሲወጣ ማሳወቂያው ይደወላል፣ ሰው ይከፍታል፣ ጉብታው ይወጣል። ሁለተኛው ጉብታ ከዚህ የበለጠ ይታመናል። በኛ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ምንም ለጥፎ አያውቅም፣ ግን አንድ የሆነ ሕዝብ ያን ጊዜ ገብቶ ያያል። በአሜሪካኖች ክረምት ወራት ይህ ሰዓት ዋሽንግተን ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከሥራ የገባ፣ ራቱን የበላ ሰው ስልኩን ይዞ የሚቀመጥበት። በራሱ እጅ ያልተፈጠረውን ጉብታ ለይቶ ማየት የዚህ ሥራ ዋናው ጥበብ ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ጉብታ ለማጥራት ግን ልጥፉን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚለጥፍ ከሆነ ሦስት ሰዓቶች ይመርጣል፦ ጠዋት 1፣ ቀትር 6 ተኩል፣ ማታ 2። በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ ረቡዕ ቀትር፣ ዓርብ ማታ፤ በሁለተኛው ሰኞ ቀትር፣ ረቡዕ ማታ፣ ዓርብ ጠዋት፤ በሦስተኛው ሰኞ ማታ እያለ ያዟዙራል። እንዲህ ካልተዟዟረ ማታው አሸነፈ ወይስ ዓርቡ፣ መለየት አይቻልም። የሚለጠፈውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ይሁን፤ የመንገድ ፎቶ ከመስቀል ፎቶ ጋር ሰዓት አያወዳድርም። እይታው የሚጻፈው በማግስቱ በዚያው ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም ከወር በፊት የወጣ ልጥፍ ዛሬ ከወጣው ጋር ሲተያይ ዕድሜው ብቻ ያሸንፈዋል።

በስድስት ሳምንት ለእያንዳንዱ ሰዓት ስድስት ስድስት ልጥፍ ይኖረዋል። ለማሳያ ያህል የጠዋቱ ቁጥሮች 310፣ 335፣ 290፣ 1,240፣ 320 እና 305 ይሁኑ፤ የማታው 410፣ 395፣ 430፣ 405፣ 380 እና 420። ደምሮ ለስድስት ያካፈለ ሰው ለጠዋት 467 ገደማ፣ ለማታ 407 ያገኛል፣ «ጠዋት ይሻላል» ብሎ ይደመድማል። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መካከለኛውን የወሰደ ግን ለጠዋት 315፣ ለማታ 407.5 ያገኛል። የመጀመሪያውን ሰው ያሳተችው 1,240 ናት። የማስታወሻው ዓምድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ «ትልቅ ቻናል አስተላለፈው» ይላል። ቴሌግራም ልጥፍ ወደ ሌላ ቻናል ሲተላለፍ እዚያ የተገኘውን እይታም በዋናው ላይ ይደምራል፤ ቁጥሯ ስለ ጠዋት የምትናገረው ነገር የለም።

ልዩነቱ 407 እና 395 ቢሆን ኖሮ በስድስት ልጥፍ ምንም አይባልም። እንዲህ ሲሆን ለራሱ የሚመቸውን ሰዓት ይምረጥ። በፌስቡክና በዩቲዩብ ደግሞ ሰዓቱ ያለው ጉልበት ከዚህ ያንሳል፤ እነዚያ ልጥፍን በወጣበት ቅደም ተከተል ብቻ አያሳዩም።

የማስታወሻው ዓምድ ሌላም ያዘ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የአገሬው ተከታይ ከግራፉ ጠፋ። ያን ጊዜ የተሞላ መስመር ከሌላው ጋር አይደመርም፤ መደመር ማለት ተከታዮቹ በሙሉ ውጭ አገር ያሉ ናቸው ብሎ ማመን ነው። ገናም እንዲሁ ተለይቶ ይቀመጣል። ላሊበላ ለቤዛ ኵሉ በምትነቃበት ጠዋት፣ 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና የዋዜማው ሌሊት 5 ሰዓት ነው፤ የሁለቱም አገር ሰው ባንድ ጊዜ ነቅቶ ይገኛል። የዚያን ቀን ቁጥር ለተራ ማክሰኞ መለኪያ ያደረገ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያዝናል።

ለሌሊቱ ጉብታ ሰሌዳው ሁለት መልክ አለው። አሜሪካኖች በመጋቢታቸው ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ይገፋሉ፣ በኅዳራቸው መጀመሪያ እሑድ ይመልሳሉ፤ የኛ አይነቃነቅም። በክረምታቸው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የወጣው ልጥፍ በበጋቸው 10 ሰዓት ላይ መውጣት አለበት። አስጎብኚው ግን ያን ሰዓት ተነስቶ አይለጥፍም። ማታ ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ Schedule Message የሚለውን ይነካል፣ ሰዓቱን ይሞላል። የላስታውን ሰው ከእንቅልፉ እንዳያስነሳም ልጥፉ ያለ ድምፅ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ልጥፉ ሳይደወል ይደርሳል፣ የዋሽንግተኑ ግን ስልኩን እያየ ስለሆነ ያገኘዋል። ነጋ ሲል አስጎብኚው ከእንግዶቹ ጋር ወደ አሸተን መንገድ ጀምሯል፤ እይታውን የሚጽፈው በማግስቱ በዚያው ሌሊት 11 ሰዓት መሆን ስላለበት ግን፣ ደብተሩ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይፈታ ቀርቷል። የተኛ ሰው ቁጥር አይጽፍም። ቀላሉ መላ ለሌሊቱ ልጥፎች ሁሉ የ24 ሰዓቱን መለኪያ ትቶ በማግስቱ ማታ 2 ሰዓት፣ በ39ኛው ሰዓት፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ማንበብ፣ እርስ በርሳቸውም ብቻ ማወዳደር ነው፤ በበጋቸው ደግሞ ልጥፉ አንድ ሰዓት ስለሚቀድም ንባቡ ማታ 1 ሰዓት ይሆናል።