ርዝመት እኩል ቢሆን ጊዜውም እኩል ነውን?

በትልቅ ቺፕ ውስጥ የሰዓት ምት ከመካከል ተነሥቶ፣ የላቲኑን ኤች ፊደል በሚመስሉ ቅርንጫፎች ሲከፋፈል የሚያሳይ ሥዕል በየመማሪያው ይገኛል። ቅርንጫፎቹ እኩል ርዝመት ስላላቸው ምቱ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ይደርሳል ይባላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ ስላገኘነው ልንተቸው ወደድን።

ምትን የሚያዘገየው የሽቦው ርዝመት ብቻ ሳይሆን በጫፉ ያለው ጭነትም ነው። ለምሳሌ 4 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ ምቱን ልክ ከመካከሉ ይቀበል። በየሚሊሜትሩ 50 ኦም ተቃውሞና 0.25 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ይኑረው፤ የግራው ጫፍ 0.5፣ የቀኙ 1 ፒኮፋራድ ይሸከም። የአንዱን ክንፍ ካፓሲታንስ ግማሽ ከጫፉ ጭነት ጋር ደምረን በክንፉ ተቃውሞ፣ ማለት በ100 ኦም፣ ብናባዛው መዘግየቱ በግራ 75፣ በቀኝ 125 ፒኮሰከንድ ይሆናል። ርዝመቱ እኩል ሳለ የ50 ፒኮሰከንድ መዛነፍ ተፈጠረ።

ጉዳቱ ምንድን ነው? የግራው ፍሊፕ ፍሎፕ ምቱ በደረሰው በ40 ፒኮሰከንድ አዲስ መረጃ በቀጥታ ወደ ቀኙ ይልካል እንበል። መረጃው በ115ኛው ፒኮሰከንድ ይደርሳል፤ የቀኙ ምት ግን ገና በ125ኛው ይመጣል። ስለዚህ ቀኙ አሮጌውን መያዝ ሲገባው አዲሱን ይይዛል። ሁለቱም የሚቀበሉት ያንኑ አንድ ምት ስለሆነ፣ የሰዓቱን ፍጥነት መቀነስ ይህን ስሕተት አያርመውም። ምልክቱም ይኸው ነው፤ ፍጥነት ሲቀነስ የሚድን ቺፕ የመንገድ መርዘም ችግር አለበት፤ በማንኛውም ፍጥነት የሚሳሳት ግን እንዲህ ያለ መዛነፍ ያስጠረጥራል።

መድኃኒቱን ሬን ሶንግ ጻይ በ1991 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል፤ ይኸውም የመከፋፈያውን ነጥብ ከመካከል ማንቀሳቀስ ነው። በምሳሌያችን ነጥቡን 0.4 ሚሊሜትር ወደ ከባዱ ጫፍ ብናስጠጋው ግራው 2.4፣ ቀኙ 1.6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ መዘግየቱም በሁለቱም በኩል 96 ፒኮሰከንድ ይወጣል። ጊዜውን እኩል ያደረገው የርዝመቱ አለመተካከል ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱም ወሰን አለው። በቺፑ መካከለኛ መስመር ግራና ቀኝ የተጎራበቱ ሁለት ፍሊፕ ፍሎፖች ምታቸው ከተለያዩ ዋና ቅርንጫፎች ሊመጣ ይችላል። በየመንገዱ ያሉት ማጉያዎች በሙቀትና በቮልቴጅ ልዩነት ስለሚለያዩ ጎረቤታሞቹ ይዛነፋሉ። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲጂታል ኩባንያ አልፋ 21064 ምቱን በመላው ቺፕ ላይ እንደ መረብ በተያያዘ ሽቦ በማደል ይህን ችግር ተቋቁሟል። ዋጋው ግን ከባድ ነበር፤ የሰዓቱ ጭነት 3.25 ናኖፋራድ ሲሆን፣ በቺፑ ከሚቀያየረው ካፓሲታንስ 40 በመቶ ያህሉን ወስዷል።

ስለዚህ ከሥዕሉ ሥር «እኩል ርዝመት» የሚለው ተሰርዞ «እኩል መዘግየት፣ ይልቁንም መረጃ በሚለዋወጡት መካከል» ተብሎ ቢጻፍ ተማሪው አይሳሳትም እንላለን።