በጠይም ፊት ላይ የብርሃን ድንበር

ፎቶ ውስጥ መስመር የለም። ጠይም ፊት ከጎን በሚገባ የመስኮት ብርሃን ሲነሣ ከግንባሩ እስከ ጆሮው ያለው ቀለም ቀስ በቀስ ይጠቁራል እንጂ ብርሃኑ እዚህ ጋ አበቃ፣ ጥላው ከዚህ ጀመረ የሚባልበት ቦታ አይገኝም። ጠፍጣፋ የቬክተር ካርቱን ደግሞ ያለ ድንበር አይቆምም፤ እያንዳንዱ ቅርጽ የሚይዘው አንድ ቀለም ብቻ ነው፣ ያም ቀለም ጠርዙ ላይ ሲደርስ ድንገት ያልቃል። ስለዚህ ፎቶን በኢሉስትሬተር ፔን ቱል እየተከተለ ወደ ካርቱን የሚለውጥ ሰው፣ ቀጂ ቢመስልም፣ በየደቂቃው የሚሠራው ፎቶው ያልሰጠውን ድንበር የት እንደሚያስቀምጥ መወሰን ነው። የሥራው ጥራት የሚለየው በዚህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውሳኔው ሲሳሳት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያጋልጠው ጠይም ፊት ነው።

ምክንያቱ ብርሃን ቆዳ ላይ በሚሠራው ሥራ ውስጥ አለ። ነጣ ያለ ቆዳ አብዛኛውን ብርሃን በትኖ ስለሚመልስ ፊቱ በሙሉ ብሩህ ሆኖ ይታያል፤ የአፍንጫውንና የጉንጩን ቅርጽ የሚነግረን ጥላው ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃኑን የበለጠ ይውጣል፤ ከቆዳው ገጽ ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ወዝ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ከሥሩ ያለው ቀለም ጠቆር ስላለ ጎልቶ ይወጣል። ግንባር፣ የአፍንጫ ድልድይ፣ የጉንጭ አጥንት፣ የታችኛው ከንፈር መሐልና አገጭ የሚታዩን በዚሁ ወዝ ነው። ነጣ ባለ ፊት የተለማመደ ሰው ግን በልማድ ጥላ ላይ ጥላ ይደርባል። ውጤቱ ጭቃ የመሰለ ፊት ነው፦ ጥላው ከፀጉሩ ጋር ይዋሐዳል፣ አፍንጫው ይጠፋል፣ የጠፋውን ለመመለስ ዙሪያውን በጥቁር መስመር መክበብ ይመጣል። ጠይም ፊት ላይ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት የብርሃኑ ቅርጽ ነው።

በመስኮት ብርሃን የተነሣውን ፊት እንደ ምሳሌ እንያዝ። ፎቶው የሚቀመጥበትን ሌየር Template ሲያደርጉት ይቆለፋል፣ ምስሉም ወደ 50 በመቶ ይደበዝዛል። ከዚያ ከላዩ በሌላ ሌየር ላይ፣ ፊል ሳይኖረው በቀጭንና በደማቅ ስትሮክ ይሠራል፤ ቅርጹ ገና ከመጀመሪያው በቀለም ከተሞላ ፎቶውን ይሸፍናል። ቅደም ተከተሉ ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ አንገት፣ ከዚያ ፊቱ በሙሉ እንደ አንድ ቅርጽ፣ ከዚያ የጥላው ገጽ፣ በመጨረሻ የብርሃኑ ቁርጥራጮች። ለቆዳው ሦስት ቀለም ይበቃል፤ መሠረቱ መካከለኛው ሲሆን ከፊቱ ሰፊውን ስፍራ መያዝ ያለበትም እሱ ነው። የጥላው ድንበር የት ይለፍ? ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ቀስ በቀስ የሚጠቁረውን ወደ ሁለት ክፍል ያሰባስበዋል፤ የቀረውን ግን አጥንቱ ነው የሚመልሰው። ፊቱ ከፊት ለፊት ወደ ጎን የሚታጠፍባቸው ቦታዎች አሉ፦ የግንባሩ ጠርዝ፣ የቅንድቡ ጫፍ፣ የጉንጩ አጥንት፣ የመንጋጋው ጥግ። ድንበሩ በእነዚህ ላይ ካለፈ ፎቶው ውስጥ ብርሃኑ ትንሽ ወደ ውስጥ ቢገባም ባይገባም ፊቱ ክብደት ያገኛል። አፍንጫውን ዙሪያውን መሳል አያስፈልግም፤ ድልድዩ ላይ ያለው ቀጭን የብርሃን ቅርጽና ከአፍንጫው ሥር ያለው ጥላ ሲቀመጡ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል።

የነጥቦቹ ብዛት ከዚሁ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ያልወሰነ እጅ ነጥብ ያበዛል፤ ጠርዙን በየሚሊሜትሩ እየጠቀጠቀ ፎቶው ላይ ያለውን እያንዳንዱን እንከን ይከተላል፣ በኋላም የጉንጩ መስመር ይጎረባብጣል። ነጥብ የሚቀመጠው ኩርባው ጫፍ ላይ፣ ማለትም ከሁሉ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በወጣበት ቦታና አቅጣጫው በሹል በሚሰበርበት ጥግ ነው። ክብ እንኳ በአራት ነጥብ ይሠራል። Ctrl+Y ተጭኖ ባዶ መስመሮቹን ማየት እውነቱን ያወጣል፤ ለስላሳ መሆን የነበረበት ጉንጭ ላይ ነጥቦች ከተደረደሩ፣ መጠገን ከመጀመር ያን መስመር ደምስሶ በሁለት በሦስት ነጥብ እንደገና መሳብ ይፈጥናል። ሁለት ቅርጾች ሲዋሰኑ ደግሞ ጠርዛቸውን ማገጣጠም አይገባም፤ በመካከላቸው ፀጉር የምታክል የጀርባ ቀለም ስክሪን ላይ ብቅ ትላለች። የታችኛው ቅርጽ ከላይኛው ሥር ገብቶ ይለፍ፤ በጥንቃቄ የሚሳለው የሚታየው ጠርዝ ብቻ ነው።

ቀለሙን ከፎቶው በአይድሮፐር መልቀም ታማኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚያነሣው የነካውን ነጥብ ቀለም ነው። ጉንጩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሲነካ ሌላ ቡኒ ይመጣል። ስለዚህ የተለቀመው ቀለም እንደ መነሻ ተይዞ በHSB ይስተካከላል፦ መሠረቱ 20፣ 60፣ 45 ቢሆን፣ ጥላው ብሩህነቱ ወደ 28 ወርዶ ወደ ቀይ ትንሽ ያዘነብላል፣ ሙሌቱም ይጨምራል። በጥቁር ማደብዘዝ ግን ቆዳውን አመድ ያስመስለዋል። ወዙ የብርሃኑን ምንጭ ቀለም ይዞ ስለሚመለስ፣ ከመስኮት የሚገባው የሰማይ ብርሃን ከሆነ የብርሃኑ ቅርጽ ሙሌቱ ቀንሶ ቀዝቀዝ ማለት አለበት።

ኢሉስትሬተር Image Trace እያለው ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ጠርዙ የለየለት ነገር፣ ለምሳሌ በጥቁር ቀለም ተሥሎ ስካን የተደረገ ምልክት ሲሆን መሣሪያው ሥራውን በደንብ ይሠራል። ፊት ላይ ግን ድንበር የሚያወጣው ቀለሙ በተለወጠበት ነው፤ አጥንቱ የሚታጠፍበትን አያውቅም። ከላይ ያየነውን ፊት በጥቂት ቀለም ቢሰጡት ጥላ ውስጥ ያለውን ጉንጭ፣ ፀጉሩንና ጨለማውን ግድግዳ አንድ ጉድፍ አድርጎ ሊያወጣቸው ይችላል፤ ሦስቱም በቀለም ይቀራረባሉና። ቀለሙን ሲያበዙለት ደግሞ ፊቱ እንደ ካርታ ይሸነሸናል። ያን ማጽዳት ከባዶ ከመጀመር አይቀልም።

ይበልጥ ከባዱ ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፦ ድንበሩን ሠዓሊው በራሱ ከወሰነ ካርቱኑ ሰውየውን መምሰሉን ያጣል የሚል። ሥጋቱ እውነት አለበት። መምሰልን የሚሸከመው ግን በዓይንና በቅንድብ፣ በአፍንጫና በከንፈር መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ይህ ከፎቶው ሳይነቃነቅ መወሰድ አለበት። የጥላው ጠርዝ ትንሽ ቢገፋ ማንም አያስተውልም፣ ቅንድቡ በዚያው መጠን ከፍ ቢል ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በሌላ በኩል ፎቶውን በሁሉም ነገር ማመን ራሱ መምሰልን ያበላሻል። ስልክ ወደ ፊት ተጠግቶ ሲያነሣ አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹም ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ፎቶ ላይ ለምደነው እናልፈዋለን፣ ጠፍጣፋ ቅርጽ ላይ ሲገለበጥ ግን ስድብ ይመስላል። ጥርስም እንዲሁ ነው፤ ፎቶው በየጥርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ቢያሳይም አንድ ነጣ ያለ ቅርጽ ይበቃል፣ መስመሮቹ ሲገቡ ሰውየው ያረጃል። ስለዚህ ቅርጾቹ ካለቁ በኋላ የፎቶውን ሌየር ደብቆ፣ የአፍንጫውን ቁርጥራጮች አንድ ላይ መርጦ ጥቂት ማሳነስና ካርቱኑን ከርቀት ከተነሣ ሌላ ፎቶው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሌላ ፎቶ ከሌለ ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ፤ ፎቶውን አስቀድሞ ሳያሳዩት።