የአማካሪው ማስታወሻ እና የሠልጣኟ የትምህርት ዕቅድ፦ በአንድ የጽሑፍ ግብረ መልስ ላይ የቀረበ ግምገማ

በኢትዮጵያ የመምህራን ማሠልጠኛና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አማካሪ መምህር በሠልጣኝ መምህር ዕቅድ ላይ በጽሑፍ አስተያየት መስጠቱ የተለመደ አሠራር ሆኗል። የጤና ባለሙያዎችን በሚያስተምሩ ዘንድ ግን ግብረ መልሱ ራሱ እንደ አንድ የሙያ ሥራ ሲመዘን እምብዛም አይታይም። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ ሲባል የተሰናዳ አንድ የማሳያ ዕቅድና በእሱ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ወስዶ፣ ማስታወሻው የተሳካለትንና የሳተውን ይመረምራል።

ዕቅዱ በአርባ ምንጭ ለሚማሩ 24 የጤና ኤክስቴንሽን ሠልጣኞች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ርእሱ የወባ ፈጣን መመርመሪያ አጠቃቀም፣ ጊዜውም 50 ደቂቃ ነው። ሠልጣኞቹ ከጫሞና ከአባያ ዳር ካሉት ቆላማ ቀበሌዎች እንዲሁም ከጨንቻ ደጋ የመጡ ናቸው። ሠልጣኟ መምህርት ዓላማውን «ሠልጣኞች ስለ ወባ ምርመራ ያውቃሉ» ብላ ጽፋለች። 40 ደቂቃውን ለገለጻ፣ 10 ደቂቃውን ለጥያቄና መልስ መድባለች። በይዘቱም ውስጥ «መመርመሪያው አሉታዊ ከሆነ ሕመምተኛው ወባ የለበትም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል።

አማካሪው ሁለት ጠንካራ ጎኖችን አስፍሯል። አንደኛው፣ «መግቢያው ሌሊቱን ጫሞ ላይ ሲያሰግር አድሮ ትኩሳት ይዞት በመጣ ዓሣ አስጋሪ መጀመሩ፣ ሠልጣኞቹ በጤና ኬላ የሚያገኙትን ሰው አስቀድሞ ያሳያቸዋል፤ በሚቀጥለው ዕቅድዎም ይድገሙት» ይላል። ሁለተኛው፣ የመውጊያው መርፌ ወደ ማስወገጃ ሣጥኑ የሚገባው ጣት ከተወጋ በኋላ ወዲያውኑ መሆኑ በየደረጃው ዝርዝር ውስጥ መጻፉን ያደንቃል። ሁለቱም ምስጋናዎች «ጥሩ ዕቅድ ነው» ከሚለው ባዶ ቃል የተለዩ ናቸው። የተመሰገነው ነገር በገጹ ላይ በጣት ሊጠቆም ይችላል፤ ለምን እንደጠቀመም ተነግሯል። የዓሣ አስጋሪው ምሳሌ ከዚህም በላይ ያስተምራል፤ ሌሊቱን ከቤት ውጭ የሚያሳልፍ ሰው አልጋው ላይ የተሰቀለው አጎበር በዚያ ሰዓት ስለማይጠብቀው፣ አጎበር አለው ብሎ ወባን ከሐሳብ ማውጣት እንደማይገባ ያስገነዝባል። አማካሪው ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሮ ቢጽፈው ምስጋናው የበለጠ በጠነከረ ነበር።

እንዲሻሻሉ የተጠቆሙት አራት ናቸው። የመጀመሪያው ዓላማውን ይመለከታል። አማካሪው «ያውቃሉ» የሚለው ግሥ ሊታይና ሊለካ እንደማይችል ገልጾ፣ «ሠልጣኞች በማረጋገጫ ዝርዝሩ መሠረት ምርመራውን ያለ ርዳታ ሠርተው ውጤቱን በትክክል ያነባሉ» የሚል ምትክ አቅርቧል። ይህ በራሱ ሲታይ የማስታወሻው ምርጥ ክፍል ነው፤ የሚሠራውን፣ የሚሠራበትን ሁኔታና የብቃቱን ልክ በአንድነት ይዟል። ሁለተኛው «ገለጻው ይቀነስና ለተግባር ልምምድ በቂ ጊዜ ይሰጥ» ይላል። ሦስተኛው «ጥያቄ አለ?» በሚለው መዝጊያ ፈንታ ሌላ የምዘና ዘዴ እንዲገባ ይጠይቃል። አራተኛው፣ በገጹ ግርጌ፣ ስለ አሉታዊ ውጤት የተጻፈው ዐረፍተ ነገር «እንዲስተካከል» ያሳስባል።

የማስታወሻው ዋነኛ ጉድለት የሚገኘው በመጀመሪያውና በሁለተኛው አስተያየት መካከል ነው። ሁለቱ ለየብቻ ትክክል ናቸው፤ በ50 ደቂቃ ውስጥ ግን አብረው አይቆሙም። አንድ ሠልጣኝ ጓንት ከማጥለቅ አንሥቶ ደሙን በናሙና ቀዳዳ፣ ፈሳሹን በራሱ ቀዳዳ እስኪያደርግ ድረስ እያንዳንዱን ደረጃ በዝርዝሩ ለማመልከት ቢያንስ 5 ደቂቃ ያስፈልጋል ቢባል፣ ለ24 ሰው 120 ደቂቃ ይሆናል። አራት መምህራን ቢከፋፈሉት እንኳ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ውጤቱ እስኪነበብ ያለው ጊዜ፣ በብዙዎቹ መመርመሪያዎች 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ፣ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ «ያለ ርዳታ ሠርተው» የሚለው ዓላማ በዚያ ክፍለ ጊዜ ሊመዘን የማይችል ነው። ሠልጣኟም የአማካሪውን ዐረፍተ ነገር ገልብጣ የጊዜውን ሠንጠረዥ እንደነበረ ብትተወው የሚያስደንቅ አይሆንም፤ «በቂ ጊዜ» ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ከየትኛው ክፍል እንደሚቀነስ አልተነገራትምና።

ጉድለቱን ማቃናት አስቸጋሪ አይደለም። የዚህ ክፍለ ጊዜ ዓላማ «በቡድን አንድ ምርመራ ያዘጋጃሉ፤ የቀረቡላቸውን አምስት ውጤቶች በየግላቸው በትክክል ያነባሉ» ወደሚል ቢጠብ፣ የግል ብቃቱ ወደ ተከታዩ የተግባር ልምምድ ክፍለ ጊዜ ይሸጋገራል። ጊዜውም እንዲህ ይከፈላል፦ ለዓሣ አስጋሪው ታሪክ 5፣ ለሠርቶ ማሳያ 10፣ ስድስት ስድስት ሆነው በአራት ቡድን ለሚያዘጋጁት ምርመራ 10፣ ለመጠበቂያው 15፣ የራሳቸውን ውጤት ለማንበብ 5፣ ለማጠቃለያ 5 ደቂቃ። ባክኖ ይቀር የነበረው 15 ደቂቃ ምዘና ይሆናል። በዚያ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አምስት ሥዕሎች ይሰጡታል፦ የመቆጣጠሪያ መስመር ብቻ፣ ከእሱ ጋር የፋልሲፓረም መስመር፣ ከእሱ ጋር የቫይቫክስ መስመር፣ ከእሱ ጋር እጅግ የደበዘዘ መስመር፣ እና የመቆጣጠሪያ መስመር የሌለበት። የደበዘዘው አዎንታዊ መሆኑን፣ የመጨረሻው ዋጋ የሌለውና በአዲስ መመርመሪያ የሚደገም መሆኑን የጻፈ ሠልጣኝ ማንበብ ችሏል ማለት ነው። ሦስተኛው የአማካሪው ጥያቄም ያለ ተጨማሪ ደቂቃ ይመለሳል።

ሌላው ጉድለት የቅደም ተከተል ነው። ስለ አሉታዊ ውጤት የተጻፈው ስሕተት ሕመምተኛን የሚጎዳ ሆኖ ሳለ ከማስታወሻው ግርጌ፣ ለፊደል ግድፈት በሚመች ለስላሳ ቃል ተቀምጧል። አሉታዊ ውጤት ከተወሰነው ደቂቃ በፊት ከመነበቡ፣ ደሙ ከማነሱ፣ የጥገኛ ሕዋሳቱ ቁጥር ዝቅተኛ ከመሆኑ ሊመጣ ይችላል። በተጨማሪም ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ዓይነቶች በኢትዮጵያ መገኘታቸው ተረጋግጧል። ስለዚህ ይህ አስተያየት ከሁሉ ቀድሞ፣ «ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት የግድ ይታረም» ተብሎ፣ ምትኩም ተጽፎለት መቅረብ ነበረበት፦ «አሉታዊ ውጤት ወባን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ሌላ የትኩሳት ምክንያት ይፈለጋል፤ ትኩሳቱ ከቀጠለ ወይም የከባድ ሕመም ምልክት ካለ ሕመምተኛው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ጤና ጣቢያ ይላካል»። የጨንቻ ደጋ ሠልጣኞችም ቆላ ወርዶ የተመለሰን ሰው ሲያገኙ ይህን ዐረፍተ ነገር ይፈልጉታል።

ማስታወሻው ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው ሁለተኛው ዕቅድ ከመጀመሪያው ጎን ተቀምጦ ሲነጻጸር ነው። ዓላማው ተለውጦ ደቂቃዎቹ ካልተለወጡ፣ ሠልጣኟ የተቀበለችው ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ተጠያቂውም በቅድሚያ አማካሪው ነው። ደቂቃዎቹም ተለውጠው ከሆነ የሚቀረው ክፍል ገብቶ ማየት ይሆናል። በወረቀት ላይ በትክክል የተቀመጠው 15 ደቂቃ ክፍል ውስጥ ሥዕል ይነበብበት ወይም ገለጻ ይቀጥልበት፣ ዕቅዱን ብቻ ያነበበ አማካሪ ሊያውቅ አይችልም።