የቪትዝ ቴፕ እና የስልክ ሙዚቃ

የቆየ መኪና ቴፕ ከስልክ ሙዚቃ ያለ ገመድ የሚቀበልባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ብሉቱዝ በውስጡ ያለው ቴፕ ነው። ሁለተኛው ኦክስ ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ ሲሆን ሦስተኛው ሲጋራ መለኮሻ ላይ ተሰክቶ የስልኩን ድምፅ በኤፍኤም ሞገድ ለመኪናው ሬዲዮ የሚልክ አስተላላፊ ነው። በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ መካከል በሚመላለሱ አሮጌ የቤት መኪኖች ዘንድ ሦስተኛው ይመረጣል፤ ርካሽ ነው፣ ዳሽቦርድ አያስፈታም፣ ማንም ሰው ራሱ ይሰካዋል። ብዙ ጊዜ “አይሠራም” ተብሎ የሚጣለውም ይኸው ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከዕቃው ሳይሆን ከመኪናው ሬዲዮ ዘንድ ነው።

ቶዮታ ቪትዝን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የወጣ ስም ነው፤ በአውሮፓ ያው መኪና ያሪስ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚታዩት ቪትዞች ብዙዎቹ ለጃፓን መንገድ ተሠርተው ኋላ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ናቸው። መሪው ሲዛወር ሬዲዮው አብሮ አልተቀየረም። በጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ይጀምራል፤ የቆዩት የጃፓን ሬዲዮኖች የሚደርሱትም እስከ 90 ብቻ ነው። ኤፍኤም አዲስ በ97.1፣ ፋና በ98.1፣ ሸገር በ102.1 ስለሚያሰራጩ የፋብሪካ ቴፑ ያልተነካበት ቪትዝ አንዳቸውንም አይዝም። አስተላላፊዎቹ በበኩላቸው ከ87.5 እስከ 108 ባለው ክልል እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። ባለቤቱ አስተላላፊውን 100 ላይ አድርጎ ሬዲዮው ላይ ያንኑ ቁጥር ቢፈልግ አያገኘውም፤ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ጥበት ጥቅምም አለው። የኤፍኤም ሬዲዮ በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ሞገድ ሲደርሰው ጠንካራውን ይይዝና ደካማውን ይጥላል። አስተላላፊው አቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የመኪናው አንቴና ደግሞ ከጣሪያው ውጭ ስለሆነ ቆርቆሮው ከሞገዱ የተወሰነውን ያስቀርበታል። የከተማ ጣቢያ ባለበት ቁጥር ላይ ተወዳድሮ አያሸንፍም። ከተማው ውስጥ በደንብ የሚሰሙት ጣቢያዎች ደግሞ በአብዛኛው ከ90 በላይ ስለሆኑ ከዚያ በታች ያለው ቦታ የተሻለ ጸጥታ አለው።

ቁጥር የሚመረጠው አስተላላፊው ጠፍቶ ነው። ሬዲዮው 87.9፣ 88.3፣ 88.7 እና 89.1 ላይ እየተደረገ ይደመጣል። የሚፈለገው ወጥ የሆነ ሽሽታ ነው። ከሽሽታው ሥር የሰው ድምፅ ወይም ሙዚቃ ብልጭ ድርግም ካለ ያ ቁጥር ይተዋል። በግራና በቀኙ 0.2 ያህል ርቀትም መደመጥ አለበት፤ ጎረቤቱ ላይ ጠንካራ ጣቢያ ካለ “ሰ” እና “ሸ” ያሉባቸው ቃላት ሁሉ ይሻክራሉ። ቃሊቲ አደባባይ ላይ ንጹሕ የሆነ ቁጥር በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ንጹሕ ላይሆን ስለሚችል፣ መንገዱን የሚያዘወትር ሰው ሁለት ቁጥር መያዝ ይበጀዋል። የሚወጣና የሚገባ አንቴና ያለው መኪና ከሆነ ዘንጉን ማሳጠርም ይረዳል፤ ከሩቅ የሚመጣው ጣቢያ ይዳከማል፣ አጠገቡ ያለው አስተላላፊ ግን ያን ያህል አይጎዳም። መኪና ተጠጋግቶ በቆመበት ሰዓት የሌላ ሰው ሙዚቃ በድንገት ከገባ፣ አጠገብ ያለው ሹፌር በዚያው ቁጥር እየተጠቀመ ነው ማለት ነው።

አስቸጋሪው ቪትዝ ማስፋፊያ የተገጠመለት ነው። ይህ ከአንቴናው ገመድና ከቴፑ መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ሲሆን የሚመጣውን ሞገድ ሁሉ በተወሰነ መጠን ዝቅ አድርጎ ለጃፓኑ ሬዲዮ ያቀርባል። መጠኑ እንደ ሳጥኑ ይለያያል። 14 ሜጋኸርዝ የሚቀንሰው ከሆነ ሸገር 88.1 ላይ፣ ፋና 84.1 ላይ ይሰማሉ። በእንዲህ ያለ መኪና ላይ የአስተላላፊውና የሬዲዮው ቁጥር አንድ አይሆንም፤ 99.9 ላይ የተደረገ አስተላላፊ የሚገኘው 85.9 ላይ ነው። ሳጥኑ መኖሩን ለማወቅ ዳሽቦርድ መፍታት አያስፈልግም። በ90 የሚያበቃ ሬዲዮ ከ90 በላይ የሚያሰራጭ የአዲስ አበባ ጣቢያ ከያዘ ሳጥኑ አለ፤ የጣቢያው እውነተኛ ቁጥርና ሬዲዮው ላይ የሚታየው ቁጥር ልዩነትም የሳጥኑን መጠን ይነግራል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው የድምፅ መጠን ነው። የስልኩ ድምፅ ዝቅ ብሎ የቴፑ ከፍ ካለ የሚጎላው ሽሽታው ነው። የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ ደግሞ ሙዚቃው ይሰነጠቃል። ስልኩን ከአምስት እጅ አራት ያህል ከፍቶ የቀረውን በቴፑ መጨረስ ይሻላል። አስተላላፊውን ወደ ሌላ መኪና ማዛወር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በቃሊቲ የሚበዙት የጭነት መኪኖች በ24 ቮልት ስለሚሠሩ፣ 12 ቮልት ብቻ የተጻፈበት አስተላላፊ እነርሱ ላይ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል።

ኦክስ ቀዳዳ ያለው ቴፕ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ድምፁ በሬዲዮ ሞገድ ስለማያልፍ ሽሽታም ሆነ የጣቢያ ሽሚያ የለም፤ ቀዳዳው እያለ የኤፍኤም አስተላላፊ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መቀበያው ኃይሉን ከሲጋራ መለኮሻው ሲያገኝ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ ቤንዚን ሲሰጠው አብሮ የሚቀጥን ፉጨት ይሰማል። ምንጩ አልተርኔተሩ ነው። መቀበያው በኃይል ገመዱም በኦክስ ገመዱም ከመኪናው ኔጋቲቭ ጋር ስለተገናኘ ረብሻው ዞሮ ወደ ድምፁ ይገባል። የኃይል ገመዱ ተነቅሎ መቀበያው በራሱ ባትሪ ሲሠራ ፉጨቱ ከጠፋ ምክንያቱ ተረጋግጧል። መፍትሔው በኦክስ ገመዱ መካከል ድምፁን እያሳለፈ የገመዶቹን ግንኙነት የሚቆርጥ ማጣሪያ ማስገባት ነው። ካሴት ብቻ ያለው ቴፕም በካሴት ቅርጽ የተሠራ የብሉቱዝ ዕቃ ይቀበላል፤ የካሴቱ ሞተር ካረጀ ግን የጥርሱ ድምፅ ይሰማል።

ብሉቱዝ ያለው የፋብሪካ ቴፕም ሁልጊዜ ሙዚቃ አያጫውትም። ስልክ ጥሪና ሙዚቃ በብሉቱዝ የሚሄዱት በተለያየ ሥርዓት ስለሆነ፣ የቆዩ ቴፖች አንዳንዶቹ የሚያውቁት ጥሪውን ብቻ ነው። ጥሪ በስፒከር እየተሰማ ዘፈኑ ከስልኩ የሚወጣ ከሆነ ስልኩን ደጋግሞ ማገናኘት ከንቱ ድካም ነው፤ በኦክስ መሄድ ወይም ቴፑን መቀየር ይሻላል።

ለጃፓኑ ቪትዝ ቴፕ መቀየር ከሦስቱ የሚልቅ ነው፤ እስከ 108 የሚደርስ ቴፕ ሲገባ የከተማው ጣቢያዎችም አብረው ይመጣሉ። ማስፋፊያ ከነበረ ግን አብሮ መውጣት አለበት፣ አለዚያ አዲሱም ቴፕ ጣቢያዎቹን በተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። በአዲሱ ቴፕ ላይ ቢጫው ገመድ ዘወትር ኃይል ካለበት፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚመጣበት ጋር ይገናኛሉ። በቶዮታ በኩል ግን የገመዶቹ ቀለም ሌላ ነው፤ የዘወትሩ ሰማያዊ ላይ ቢጫ መስመር ያለው ነው፣ የቁልፉ ግራጫ፣ ኔጋቲቩ ቡናማ። ቀለም በቀለም የሚያገናኝ ሰው ስለሚሳሳት በመለኪያ ማረጋገጥ ይገባል። ቢጫና ቀዩ ከተለዋወጡ ቁልፉ በጠፋ ቁጥር ቴፑ ሰዓቱንና የያዛቸውን ጣቢያዎች ይረሳል፤ ሁለቱም ከዘወትሩ ኃይል ጋር ከተገናኙ ደግሞ ቴፑ ከቁልፉ ጋር ስለማይጠፋ ባትሪው ሊወርድ ይችላል።