ለአፍ የተቃና የሚዜ ንግግር

ደብረ ብርሃን ላይ በሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚናገር አንደኛ ሚዜ ረቂቁን አስቀድሞ የሚያቃናለት ጓደኛ ካለው ታድሏል። ይህን የማቃናት ሥራ ከልቤ አደንቃለሁ።

አቃኚው ሚዜው ረቂቁን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርጋል፤ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል። ለምሳሌ ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ያደግነው፣ አብረን የተማርነው፣ ስቸገር ከጎኔ ያልተለየው ወንድሜ ዛሬ በማግባቱ ደስ ብሎኛል።» ለዓይን ምንም አይልም። ግን ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ሳህን በሚንኳኳበት ድንኳን ውስጥ አድማጩ እስከዚያ አይጠብቅም።

ሲቃና፦ «አብረን አደግን። አብረን ተማርን። ስቸገር ከጎኔ አልተለየም። ዛሬ ወንድሜ አገባ!»

አዲስ ሐሳብ አልተጨመረም። እያንዳንዱ ግስ የራሱን ዕረፍት አገኘ፤ «አገባ» መጨረሻ ላይ የቀረው እናቶች እልል እንዲሉበት ነው። ደስታውን መናገርም አላስፈለገም።

ጎበዝ አቃኚ ቤት ለማስመታት ብሎ የሚዜውን ቃል አይለውጥም። የአንኮበር ልጅ በአንኮበር አነጋገሩ ይናገር፤ ቃሉ የሌላ ሰው ከሆነ ሙሽራው ወዲያው ያውቀዋል።

ሚዜ የሆናችሁ፣ ረቂቃችሁን ከሠርጉ በፊት ለአንድ ወዳጅ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።